«ሌቦች ናችሁ» ብሎ ለጻፈ እንግዳ የመለስኩት መልስ፣ መጀመሪያ በንዴት ከዛ በመዝገብ

ጅማ ውስጥ 34 ክፍል ያለው ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ስሙ ይቅርብኝ። ስገባ ቁልፍ ማቀበልና መታወቂያ መመዝገብ ነበር ሥራዬ፣ ኋላ ላይ ጋሼ (ባለቤቱ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) የሆቴሉን ስልክ ሰጥተውኝ «አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ፣ ይሄ ጉግል ላይ እየገባ የሚሳደበውን ሁሉ ልክ አስገቢልኝ» አሉኝ። እኔም ልክ ሳስገባ ከረምኩ። ያ ነገር ስንት እንዳስከፈለንና ከዛ በኋላ እንዴት መጻፍ እንደጀመርኩ ነው የምነግራችሁ፣ እዚህ ብዙ የሆቴልና የፔንሲዮን ልጆች ስላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነገሩን የቀየረው አንድ ሪቪው ነው። ክረምት ላይ ነው፣ ጅማ ደሞ ክረምት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሰማዩ ተቀዶ መብራት ሄድ መለስ የሚልበት ጊዜ። አንድ እንግዳ ሁለት ሌሊት አድሮ ሄደና 1 ኮከብ ሰጥቶ እንዲህ ጻፈ፦

«ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ብዬ ነው። ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት አለ ብለው ይዋሻሉ፣ ጠዋት በበረዶ ውሃ ነው የታጠብነው። ሌሊቱን ሙሉ ጀነሬተር ሲጮህብን አደረ። ለሪሴፕሽኗ ስንነግራት ሰደበችን። ቁርሱ የቀዘቀዘ እንቁላል። ሌቦች ናችሁ።»

ያነበብኩት በር ላይ ቆሜ ነው፣ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል፣ ሰውየውን ደሞ አስታወስኩት። አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መለስኩለት። ሙሉውን ማምጣት ያሳፍረኛል ግን ፍሬ ነገሩ ይሄ ነበር፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ መብራት የሚያጠፋው መብራት ኃይል እንጂ እኛ አይደለንም። በከፈሉት ብር ሂልተን ከጠበቁ እኛ ምን እናድርግ። ማታ ሲገቡ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩና ከማን ጋር እንደነበሩ ራስዎ ያውቁታል። ለማንኛውም እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ስለጎበኘን እናመሰግናለን።»

ጋሼ አንብበው በሳቅ ፈረሱ፣ የወጥ ቤቱ ልጆች ስልኩን እየተቀባበሉ አነበቡት፣ እኔም ጀግና ሆኜ ዋልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት በየጊዜው ለስልጠና 12 ክፍል የምትይዝልን የፕሮጀክት አስተባባሪ ደወለች። በዚህ ዙር ሌላ ቦታ እንደያዘች ነገረችኝ። «ምን ቅር አለሽ?» አልኳት። «ሪቪውን አይቼ ነበር፣ እሱ ብዙም አላስጨነቀኝ፣ መብራትማ የትም ይጠፋል። መልሱን ነው ያየሁት። የኔ ሠልጣኞች አንድ ነገር ቢያማርሩ ማታ ከማን ጋር እንደገቡ ጉግል ላይ ልትጽፉ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

እስከዛ ድረስ መልስ የምጽፈው ለተሳዳቢው ነበር። እሱ ግን ሄዷል፣ ገንዘቡን ከፍሏል፣ ጅማም ላይመለስ ይችላል። መልሱን የሚያነበው አዲስ አበባ ወይ አጋሮ ወይ ቦንጋ ቁጭ ብሎ «የት ልደር» እያለ ስልኩን የሚነካካ ሰው ነው። እሱ ደሞ ማን እንዳሸነፈ ግድ የለውም፣ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ይሄ ችግር እኔም ላይ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ እነዚህ ሰዎች እንዴት ይሆኑብኛል። የኔ መልስ ለመጀመሪያው ምንም አላለም፣ ለሁለተኛው ደሞ «እናዋርድሃለን» ብሎ ነው የመለሰለት።

ያንን መልስ አጠፋሁትና (ጉግል ላይ የራስን መልስ ማጥፋትም ማስተካከልም ይቻላል) እንደ አዲስ ልጽፍ ተነሳሁ። ግን ምን እንደምጽፍ ሳስብ ለካ ስለዛ ሌሊት የማውቀው ነገር የለም፣ የማውቀው መናደዴን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ክሶቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ስድቡን ትቼ ማለት ነው። ሙቅ ውሃ፣ ጀነሬተር፣ ሪሴፕሽን፣ ቁርስ። አራት። ከዛ እየዞርኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

ቴክኒሻኑ ጋ ሄድኩ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ 50 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው፣ 1,500 ዋት ይጎትታል። የሁሉም ክፍል አንድ ላይ ቢበራ ከ50 ኪሎዋት በላይ ነው፣ የኛ ጀነሬተር ያንን ተሸክሞ ፓምፑንና መብራቱን ሊጨምር አይችልም፣ ስለዚህ ማሞቂያዎቹ ሲጀመርም ከጀነሬተሩ መስመር ውጪ ናቸው። ይሄን እኔ ሪሴፕሽን ላይ ዓመት ስሠራ አላውቅም ነበር! በዛ ላይ መብራት ቢመጣም ቀዝቃዛውን ውሃ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል አለኝ። መብራት የመጣው ጠዋት 12:30 ነው፣ ሰውየው የታጠበው 1 ሰዓት አካባቢ። እና ሙቅ ውሃ ከየት ያግኝ? ሰውየው እውነቱን ነው። ገጻችን ላይ ደሞ «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» የሚል አለ፣ ማን እንደጻፈው ማንም አያስታውስም።

ቀጥሎ የሌሊት ጥበቃው ደብተር። እግዜር ይስጣቸው፣ ነዳጅ ለመቆጣጠር ሲባል ጀነሬተር የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት ይጽፋሉ። ምሽት 4:20 ተነሳ፣ ሌሊት 6:00 ጠፋ፣ ንጋት 11:00 ለውሃ ፓምፑና ለወጥ ቤቱ ተነሳ፣ 12:30 መብራት ሲመጣ ጠፋ። ተደምሮ ሦስት ሰዓት ከአስር ደቂቃ ነው። እና «ሌሊቱን ሙሉ» አይደለም። ግን ደሞ ክፍሉ በጓሮ በኩል ነበር፣ ጀነሬተሩ ከመስኮቱ ስር ነው ማለት ይቻላል፣ እዛ ለሚተኛ ሰው ሦስት ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ነው።

ሪሴፕሽን ላይ የነበረችውን ልጅ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ምንም አላልኩም» አለች፣ ቡና ይዤላት ቁጭ ስል ግን «እንግዲህ መብራት ኃይልን ጠይቁ ብያለሁ» አለች። ስድብ አይደለም፣ ግን ጠዋት በብርድ ታጥበህ ስትመጣ እንዲህ ብትባል ከስድብ አይሻልም። ቁርሱን በተመለከተ ሼፉ ማለ ተገዘተ፣ ማረጋገጫ የለኝም፣ ተውኩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ደርሼ ወረቀቱን ሳየው አንዱ ክስ ሙሉ በሙሉ እውነት፣ አንዱ ግማሹ እውነት፣ አንዱ በስሙ ባይሆንም በመንፈሱ እውነት፣ አንዱ የማይታወቅ። በንዴት ስጽፍ ሁሉም ውሸት ነበር። ከዛ ወዲህ ይሄን ሳላደርግ አንድም መልስ አልጻፍኩም፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው፣ ያ ደሞ በራሱ ያበርዳል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ግን ባይቆይ ጥሩ ነው፣ ዝም ያላችሁበት ጊዜም ይነበባል።

አዲሱ መልስ ይሄ ነው፦

«ቆይታዎን በዝርዝር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ስለ ሙቅ ውሃው ትክክል ነዎት። በሐምሌው ቆይታዎ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፣ የክፍሎቻችን ማሞቂያ ደግሞ በጀነሬተር አይሠራም። ገጻችን ላይ ‹24 ሰዓት› ብለን መጻፋችን ስህተት ስለነበር አንስተነዋል። አሁን መብራት በጠፋ ጠዋት ለጠየቀ እንግዳ ከወጥ ቤት የፈላ ውሃ በባልዲ ክፍሉ ድረስ እናደርሳለን። ጀነሬተሩ በመዝገባችን መሠረት ከምሽቱ 4:20 እስከ እኩለ ሌሊት፣ ከዚያም ከንጋቱ 11:00 እስከ 12:30 ሠርቷል። በጓሮ በኩል ያሉ ክፍሎች ድምፁ ስለሚሰማቸው እንቅልፍ የሚቀለው እንግዳ ሲይዝ የፊት ለፊት ክፍል ቢጠይቅ ዋጋው ያው ነው። ችግሩን ሲነግሩን የሰጠንዎት መልስ ተገቢ አልነበረም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀሪውን በስልክ ልሰማዎት ፈቃደኛ ነኝ። የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ።»

አሁን ለምን እንደዚህ እንደሆነ ልናገር፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ታግዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የመጣው እኛ ያጠፋነው ነው። በደመ ነፍስ የሚመጣው ተቃራኒው ነው፣ ሰውየው የተሳሳተበትን (ጀነሬተር ሌሊቱን ሙሉ አልሠራም!) ቀድሞ ማስቀመጥ። ግን አንባቢው መጀመሪያ ላይ «ትክክል ነዎት» የሚለውን ሲያይ ይሄ ሰው የሚዋሽ አይደለም ብሎ ይይዛችኋል፣ ቀጥሎ የምትሉትን የጀነሬተር ሰዓት ያምናችኋል። ገልብጣችሁ ብትጽፉት ያው ሰዓት ክርክር ይመስላል። አንድ ነገር ደሞ፦ ከ«ትክክል ነዎት» በኋላ «ግን» የለም። «ይቅርታ፣ ግን መብራት ኃይል...» ሲባል ይቅርታው ተመልሶ ኪስ ገባ ማለት ነው። መብራት መጥፋቱን ተናግሬአለሁ፣ ምክንያት ስለሆነ፣ ጥፋቱን ግን የጫንኩት በራሳችን ላይ ነው፣ ምክንያቱም መብራት ማጥፋት የኛ ሥራ ባይሆንም «24 ሰዓት» ብሎ መጻፍ የኛ ሥራ ነው።

«ቅር ተሰኝተው ከሆነ ይቅርታ» የሚለውን በፍጹም አልጽፍም። ሰውየው «በበረዶ ውሃ ታጠብኩ» እያለህ «ከሆነ» ምን ማለት ነው።

ጀነሬተሩ ላይ ደሞ ልብ በሉ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ያሉት ውሸት ነው» የሚል ቃል የለም። ሰዓቱን አስቀምጬ ዝም ነው ያልኩት። አንባቢው ራሱ ደምሮ «አሃ፣ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም» ይላል፣ ራሱ የደረሰበትን ደሞ እኔ ከምነግረው ይልቅ ያምናል። ወዲያው ቀጥሎ ለወደፊት እንግዳ የሚጠቅም ነገር አለ፣ የፊት ለፊት ክፍል ጠይቁ የሚለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመልሱ ሁሉ ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራ የሠራችው፣ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሪሴፕሽኒስቷን «ልጅቷ እንዲህ አለች፣ ቀጥተናታል» ብዬ አልጻፍኩም። ጋሼ «ተባራለች በይ» ብለውኝ ነበር፣ አላደረግኩትም፣ አልተባረረችማ። «የሰጠንዎት» አልኩ፣ እኛ። ሠራተኛውን አደባባይ ላይ አሳልፎ የሚሰጥ ሆቴል እንግዳውንም እንደሚሰጥ አንባቢ ይገባዋል፣ ጅማ ደሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ የማታ ፈረቃ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ሌቦች» የሚለውንም አልነካሁትም። «እኛ ሌቦች አይደለንም» ብላችሁ ስትጽፉ ቃሉን ሁለተኛ ጊዜ በራሳችሁ እጅ ነው ያተማችሁት። እንቁላሉንም ዘለልኩት፣ አራቱንም ብመልስ መልሱ ይረዝማል፣ ረዥም መልስ ደሞ ስልክ ላይ መሀል ተቆርጦ ተጫኑና አንብቡ ይላል፣ ማንም አይጫንም። ለዚህ ነው ዋናው ነገር ከላይ ያለው። የኔ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ቃል ነው፣ ይሄኛው እንደውም ጫፉ ላይ ነው።

የእንግዳውን ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ስንት እንደከፈለ፣ እነዚህ በፍጹም አይጻፉም፣ ሰውየው ራሱ ቢጽፋቸው እንኳ እኔ አልደግማቸውም። «ገንዘብዎን እንመልሳለን» የሚለውም አደባባይ ላይ አይባልም፣ በማግስቱ ገንዘብ ለማስመለስ ብቻ የሚጽፍ ይመጣል። ማካካስ ካለባችሁ በስልክ አካክሱ፣ ግን «ሪቪውህን ካጠፋህልን አንድ ሌሊት በነፃ» አትበሉ፣ ሪቪው ለማስጠፋት ጥቅም መስጠት የጉግል ደንብ የሚከለክለው ነው፣ ሰውየው የጽሑፍ መልእክታችሁን ፎቶ አንስቶ ቢለጥፈው ደሞ አስቡት።

አሁን የአማርኛ ነገር። እንግሊዝኛ ላይ ንዴት ቶሎ ይታወቃል፣ አማርኛ ላይ ግን ንዴት አሽሙር ለብሶ ነው የሚመጣው፣ ጸሐፊው ራሱ አያውቀውም። «እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ስለጎበኘን» ብዬ ነበር አይደል? ቃል በቃል ካየኸው ምስጋና ነው። ግን አንድም ሐበሻ ምስጋና ነው ብሎ አያነበውም። «እርስዎ» ራሱ ሲበዛ ይመርዛል፣ በየመስመሩ «እርስዎ እርስዎ» ካልክ ጣትህን እየቀሰርክ ነው የሚመስለው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ አድርጉትና ሌላውን ግሱ ይሸከመው። «እግዚአብሔር ይስጥልን»፣ «ልብ ይስጥዎት»፣ «ያውቁታል»፣ እነዚህን ሳይ አጠፋቸዋለሁ። የማደርገው ነገር አለ፦ ከመለጠፌ በፊት የጽዳት ኃላፊያችን እትዬ ጋ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከሳቁ፣ አይለጠፍም። ቀልድ ቢሆን ጥሩ ነበር ግን እውነቴን ነው፣ የራሳችን ሰው ያሳቀ መልስ ሁሉ ውስጡ መርፌ አለው። ሰውየው «አንቺ» እያለ ቢጽፍም እኔ «እርስዎ» ነው የምለው፣ ሪቪው በኦሮምኛ ከሆነ ደሞ መልሱም በኦሮምኛ ነው፣ ባልደረባዬ ነው የሚጽፈው፣ ከኔ አማርኛ የሱ ኦሮምኛ እርጋታ አለው።

እንግሊዝኛ ላይ የተሳሳትኩት ሌላ ነው፣ ሰዓት። አንድ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ ጅሬን የመጣ ፈረንጅ ስለ ጀነሬተር አማርሮ ጽፎ ነበር፣ እኔ ከጥበቃው ደብተር ላይ እንዳለ ገልብጬ ጀነሬተሩ 6:00 ላይ ይጠፋል ብዬ በእንግሊዝኛ መለስኩ። እኛ ሌሊት 6 ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት ማለታችን ነው። እሱ ያነበበው ንጋት 6 ነው! ሪቪውን አስተካክሎ «እነሱ ራሳቸው እስከ ንጋት እንደሚሠራ አምነዋል» ብሎ ጨመረበት። ማንም ላይ አልፈርድም፣ በራሴ እጅ ነው ያመጣሁት። አሁን በእንግሊዝኛ ስጽፍ በፈረንጅ ሰዓት ለውጬ፣ ማታ ይሁን ጠዋት ጨምሬ ነው፣ በአማርኛም «ከምሽቱ» «ከንጋቱ» የሚለውን አልዘልም። ቀንም እንደዛው፣ «ባለፈው ሳምንት» አይባልም፣ ሰው ከዓመት በኋላ ነው የሚያነበው፣ ወሩን ጥቀሱ።

ሌላው ትልቁ ስህተቴ ቃል መግባት ነው። ከዚህ ሪቪው በኋላ ጋሼ «የፀሐይ ማሞቂያ ጣራ ላይ እናስገባለን» አሉ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ለሌላ ቅሬታ አቅራቢ «በሚቀጥለው ወር በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ እናስገባለን» ብዬ መለስኩ። ዋጋው ተጠየቀ፣ ጋሼ ዝም አሉ፣ ወሩ አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። አምስት ወር ሲሆን አንዲት እንግዳ 2 ኮከብ ሰጥታ «ሶላሩ የታለ? ከታች ቃል ገብታችሁ አንብቤ ነው የመጣሁት» ብላ ጻፈች። በቃ ምን ይባላል። የድሮውን መልስ ገብቼ አስተካከልኩት፣ ግን ዝም ብዬ አላጠፋሁትም፣ «የፀሐይ ማሞቂያው እስካሁን አልተገጠመም፣ ሲገጠም እዚሁ እንጽፋለን» ብዬ ከነወሩ ጨመርኩበት፣ ለሷም ያንኑ መለስኩ። ከዛ ወዲህ መልስ ውስጥ የምጽፈው ተሠርቶ ያለቀ ነገር ብቻ ነው። ባልዲው ትንሽ ነገር ነው፣ ያሳፍራልም፣ ግን አለ፣ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል። ለነገሩ ባልዲውንም ከመጻፌ በፊት ከወጥ ቤት ጋር ተጣልቼ ነው ያስገባሁት፣ በከሰል የሚፈላ አንድ ትልቅ ድስት ከንጋቱ 11:30 ጀምሮ እንዲጣድ። መጀመሪያ ድስቱ፣ ከዛ መልሱ።

ሐሰተኛ ሪቪውስ? ይመጣል፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ከተማው ሞልቶ ክፍል ያጣ ሰው ሁሉ ሲናደድ። ግን ተጠንቀቁ። አንዱን «በዚህ ስም ያደረ እንግዳ የለንም፣ ተፎካካሪ የላከው ነው» ብዬ ጽፌበት ነበር፣ ለካ ሰውየው በመሥሪያ ቤቱ ስም በተያዘ ክፍል ያደረ ሾፌር ነው፣ ደረሰኙን ለጠፈልኝ። አሁን እንደዚህ ነው የምለው፦ «በዚህ ስም የተመዘገበ ቆይታ ማግኘት አልቻልንም፤ ክፍሉ በሌላ ስም ተይዞ ከነበረ ቀኑን በስልክ ቢነግሩን ፈልገን እናጣራለን።» ከዋሸ አይደውልም፣ አንባቢውም ይገባዋል፣ ካልዋሸ ደሞ አልተሰደበም። ለጉግል ሪፖርት ማድረግም ይቻላል ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ የሚያነሱት ደንብ የጣሰውን ነው፣ ስድብ፣ ማስታወቂያ፣ ያልነበረ ቆይታ፣ እንደዚህ ያለውን፤ «እኛ አልተስማማንም» ስላልን ብቻ አያነሱም።

ለሁሉም በአንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚመልሱ አሉ፣ «አስተያየትዎን በጽሞና ተቀብለናል፣ ለማሻሻል እንሠራለን»፣ አስር ሪቪው ስር አስር ጊዜ። ከዚህ ዝም ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ስለ ውሃ ያማረረም ስለ ትኋን ያማረረም አንድ መልስ ሲያገኝ አንባቢው የሚረዳው ማንም እንዳላነበበ ነው።

ሰውየው አልደወለም። ኮከቡም አንድ እንደሆነ ነው፣ አሁንም አለ፣ ገብታችሁ ብታዩ «ሌቦች» የሚለውም እንዳለ ነው። ጋሼ በየጊዜው «ምን ፈየደ ታዲያ?» ይሉኛል። አስተባባሪዋም በዚያ ዓመት አልተመለሰችም።

ግን ጥቅምት ላይ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ከአዲስ አበባ መጡ፣ ከመንገዱ ደክመው ገና ሻንጣ ሳያወርዱ ልጅየው ስልኩን አየት አድርጎ «አባቴ እንቅልፍ ይቀለዋል፣ የፊት ለፊት ክፍል ዋጋው ያው ነው አይደል?» አለኝ። ያው ነው አልኩት። «ጠዋት መብራት ከሌለ ደሞ ባልዲ» አለ እየሳቀ፣ አባትየው ምን እንደሚያወሩ ግራ ገብቷቸው ያዩናል፣ እኔ ቁልፉን አወረድኩ።